ቫር መቼ ነው የሚገባው? መቼስ ነው እጁ የሚታሰረው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ጎል አገባ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ቫር አየው። ዲያዝ ኦፍሳይድ አልነበረም። ጎሉ ግን አልጸደቀም። በጣም የሚገርመው ስህተቱ ወዲያው መታወቁ ነው። ቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አወቁት። ማስተካከል ግን አልቻሉም።

ስለ ቫር ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ጨዋታ ነው የማነሳው። ምክንያቱም ቫር ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በአንድ ምሽት ያሳየ ጨዋታ ነው። ከታች ያሉት መልሶችም ዞረው ዞረው ወደዚያው ይመለሳሉ።

ቫር ማሽን ነው ወይስ ሰው?

ሰው ነው። ቫር የሚለው ስም ራሱ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ማለት ነው። እንደ መስመር ዳኛው ሁሉ እሱም ረዳት ነው፤ ልዩነቱ ሜዳው ዳር ሳይሆን ስክሪን ፊት መቀመጡ ነው። ክፍሉ ስታዲየሙ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ከከተማው ውጪም ሊሆን ይችላል። በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ጨዋታዎቹ በተለያዩ ከተሞች ሲካሄዱ የቪዲዮ ዳኞቹ ግን ሁሉም ሞስኮ ነበሩ።

ብቻውንም አይቀመጥም። አጠገቡ ቢያንስ አንድ ረዳት አለ። የዚህ ረዳት ዋና ሥራ ቫሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ምስል በሚያይበት ሰዓት የቀጥታውን ጨዋታ መከታተል ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው የአንድ ደቂቃ በፊቱን ቢያዩ የአሁኑን ማን ያያል? ከእነሱ ሌላ ካሜራዎቹን የሚያቀርብ፣ ምስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስድ ባለሙያ አለ። ይህ ሰው ዳኛ አይደለም። ሥራውን ግን አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በምን በምን ጉዳይ ነው መግባት የሚችለው?

የእግር ኳስ ህግ አውጪው ቦርድ ኢፋብ በማርች 2018 ቫርን ህጉ ውስጥ ሲያስገባ አራት በሮችን ብቻ ከፈተ። ጎል ነው ወይስ አይደለም። ፍጹም ቅጣት ምት ነው ወይስ አይደለም። ቀጥታ ቀይ ካርድ። አራተኛው ደግሞ ዳኛው ካርዱን ለተሳሳተ ተጫዋች ሲሰጥ፣ ማለትም አንዱ አጥፍቶ ሌላው ሲቀጣ ነው።

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ የመሐል ዳኛው ነው። መሐል ሜዳ ላይ የተሰጠ ቅጣት ምት፣ የእጅ ውርወራ፣ ተራ ቢጫ ካርድ ላይ ቫር ትንፍሽ አይልም። ሁለተኛ ቢጫና ኮርነርም በ2018ቱ ፕሮቶኮል ከዝርዝሩ ውጪ ነበሩ። ኢፋብ ግን በየዓመቱ እየተሰበሰበ ህጉን ስለሚነካካው፣ የምትከታተሉት ውድድር ዘንድሮ የሚሠራበትን ደንብ ማየቱ አይከፋም።

ሁለት ተመሳሳይ ጥፋቶች እያሉ ለምን አንዱ ላይ ይገባል፣ አንዱን ዝም ይላል?

ይህ ብዙ ሰው የሚናደድበት ጥያቄ ነው። መልሱ ቫር በሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ቫር "ትክክለኛው ውሳኔ የቱ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው "ዳኛው ሜዳ ላይ የወሰነው ግልጽ ስህተት ነው ወይ?" ብሎ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሰፊ ነው። አንድ ተከላካይ ሳጥን ውስጥ የአጥቂውን ትከሻ ገፋ እንበል። ግፊቱ ቀላልም ከባድም ሊባል የሚችል ነው። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ከሰጠ ቫር "ንክኪ አለ፣ ግልጽ ስህተት ነው ማለት አልችልም" ብሎ ያልፈዋል። ዳኛው ጨዋታውን ካስቀጠለም ቫር ያንኑ ምስል አይቶ "ግልጽ ስህተት አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። አንድ ዓይነት ንክኪ፣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። ሁለቱም ጊዜ ቫር በደንቡ ሠርቷል።

ስለዚህ ቫር ሁልጊዜ የሚነሳው ከሜዳው ውሳኔ ነው። ለዚህም ነው ዳኛው "እርግጠኛ አይደለሁም፣ እናንተ እዩልኝ" ብሎ መሸሽ የማይችለው። ቪዲዮ እንደሌለ ቆጥሮ መጀመሪያ መወሰን ግዴታው ነው። ማስቀጠልም ውሳኔ ነው።

ቫሩ ራሱ ያ የሜዳ ውሳኔ ምን እንደነበር ካላወቀስ? እሱ ነው የዲያዝ ጎል ታሪክ።

ዳኛው ጆሮውን ሲነካ ምን እየሆነ ነው?

ቼክ እየተደረገ ነው። እያንዳንዱ ጎል፣ ሳጥን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አጠራጣሪ ንክኪ፣ ቀይ ሊያሰጥ የሚችል እያንዳንዱ ጥፋት በዝምታ ይታያል። አብዛኛው ቼክ ጨዋታው ሳይቆም ያልቃል፤ ተመልካቹ መኖሩንም አያውቅም። ዳኛው ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ሌላውን እጁን ከዘረጋ "ጠብቁ፣ እየታየ ነው" ማለቱ ነው።

በሁለት ጣቱ አየር ላይ አራት ማዕዘን ከሳለ ግን ነገሩ ከፍ ብሏል። ቫሩ ስህተት አግኝቶ "ውሳኔህን ብታየው ይሻላል" ብሎታል ማለት ነው። ዳኛው ይህን ምልክት ሳያሳይ ውሳኔውን በቪዲዮ መቀየር አይችልም።

ወደ ስክሪኑ የሚሮጠው መቼ ነው?

ጉዳዩ አስተያየት የሚጠይቅ ሲሆን። ተከላካዩ ጥፋት ሠርቷል ወይ? እጁ ኳሱን የነካው በሚያስቀጣ ሁኔታ ነው ወይ? ይህን መፍረድ ያለበት ጨዋታውን የያዘው ሰው ስለሆነ ሜዳው ዳር ወዳለው ስክሪን ሄዶ በዓይኑ ያያል።

ጉዳዩ በልኬት የሚያልቅ ከሆነ ግን መሮጥ አያስፈልገውም። ኦፍሳይድ ነው አይደለም፣ ኳሱ ከመስመር ወጥቷል አልወጣም፣ ጥፋቱ ሳጥን ውስጥ ነው ውጪ። እነዚህን ቫሩ በጆሮው ይነግረዋል፤ ዳኛው ተቀብሎ ፊሽካውን ይነፋል።

ሁለቱም ጋ የመጨረሻው ቃል የዳኛው ነው። ስክሪኑ ጋ ሄዶ "አይ፣ የመጀመሪያው ውሳኔዬ ልክ ነው" ማለት ይችላል። ህጉ ይፈቅድለታል። እርግጥ ብዙ ጊዜ ሲሄድ ካያችሁት ውሳኔው ሊቀየር ነው ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም።

በዝግታ የሚታይ ምስል ጥፋትን አያጋንንም?

ያጋንናል። ደንቡም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። የት ቦታ እንደተነካ፣ ኳሱ እጁን ነክቷል አልነካም፣ መስመሩን አልፏል አላለፈም የሚለውን ለማየት ምስሉን ማዘግየትና ማቆም ይቻላል። የጥፋቱን ክብደት ለመመዘን ግን በመደበኛ ፍጥነቱ መታየት አለበት። በዝግታ የሚታይ እግር ሁሉ ሆን ብሎ አጥንት ሊሰብር የመጣ ይመስላልና።

እዚያው የቶተንሃም ጨዋታ ላይ፣ የዲያዝ ጎል ከመምጣቱ በፊት በ26ኛው ደቂቃ፣ የሊቨርፑሉ ከርቲስ ጆንስ ኢቭ ቢሱማ ላይ ጥፋት ሠራ። የጆንስ እግር መጀመሪያ ኳሱን አገኘ፤ ከኳሱ ላይ ተንሸራቶ የቢሱማ እግር ላይ አረፈ። ዳኛው ሳይመን ሁፐር ቢጫ ሰጠ። ቫሩ ስክሪኑን እንዲያይ ጠራው። ሁፐር ስክሪኑ ጋ ሲደርስ ቀድሞ የጠበቀው የቆመ ምስል ነበር፤ የጫማው መርገጫ እግሩ ላይ ያረፈባት ቅጽበት። ተንቀሳቃሹን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጫው ቀይ ሆነ።

ቀይ ይገባው ነበር? ክለቡ ይግባኝ ብሎ ተሸንፏል፣ ስለዚህ ውሳኔው ጸንቷል። የእኔ ቅሬታ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በጣም የከፋችውን ቅጽበት መጀመሪያ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየውን ሁሉ በእሷ መነጽር ነው የሚያየው።

የመስመር ዳኛው ለምን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ባንዲራ ያነሳል?

ታዝዞ ነው። አጥቂው ጎል ለማግባት ከተቃረበ ወይም ወደ ሳጥኑ ነጻ ሩጫ ካለው፣ ባንዲራው እስኪጨርስ ይቆያል። ምክንያቱም ፊሽካ ከተነፋ ጨዋታው ሞቷል። ቫር ጎልን መሻር ይችላል፤ በፊሽካ ምክንያት ያልገባን ጎል ግን መፍጠር አይችልም። ተከላካዩ ለከንቱ ሮጦ ሲናደድ እናያለን፤ ዋጋው እሱ ነው።

ባንዲራው ከዘገየም በኋላ መነሳቱ አይቀርም። ጎሉ ገብቶም ቢሆን የመስመር ዳኛው "ኦፍሳይድ ነው" ካለ የሜዳው ውሳኔ "ጎል የለም" ይሆናል። ቫርም ከዚያ ይጀምራል።

እሺ፣ የዲያዝ ጎል ላይ ምን ተፈጠረ?

34ኛው ደቂቃ ነው። ውጤቱ 0 ለ 0 ነው፤ ሊቨርፑል በጆንስ ቀይ ምክንያት በ10 ሰው ነው የሚጫወተው። መሐመድ ሳላህ ኳሱን ከተከላካዮቹ ጀርባ ለቀቀለት፣ ዲያዝ ሮጦ ደረሰና በሰያፍ መትቶ አገባ። ባንዲራው ተነሳ። የሜዳው ውሳኔ፦ ኦፍሳይድ፣ ጎል የለም።

ቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ የዕለቱ ቫር ዳረን ኢንግላንድ ሥራውን ጀመረ። ሳላህ ኳሱን የነካባት ቅጽበት ላይ ምስሉ ቆመ። የመጨረሻው ተከላካይ ክርስቲያን ሮሜሮ እግር ላይ መስመር ተሰመረ። ዲያዝ ከመስመሩ ወዲህ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው፤ ልኬቱም ፈጣን ነበር።

ችግሩ በኢንግላንድ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የሜዳው ውሳኔ "ጎል" ነው ብሎ አስቧል። ስለዚህ ኦፍሳይድ አለመኖሩን ሲያይ "ውሳኔው ልክ ነው" ብሎ ደመደመና ለሁፐር "ቼኩ አልቋል" አለው። ሁፐር የሰማው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚያውቀው ውሳኔ "ጎል የለም" የሚለው ነው። "ቼኩ አልቋል" ማለት ለእሱ "ጎል የለም ያላችሁት ልክ ነው" ማለት ነው። ሁለቱም ተስማሙ፤ የተስማሙት ግን በተቃራኒ ነገር ላይ ነው። ሁፐር እንዲያውም አመስግኗቸዋል። ቶተንሃም ከኦፍሳይዱ የተሰጠውን ቅጣት ምት መታ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

መጀመሪያ የነቃው ዳኛ አልነበረም። ያ ምስል የሚያቀርበው ባለሙያ ነው። "ቆዩ፣ የሜዳው ውሳኔ ኦፍሳይድ ነበር። በዚህ ደስተኞች ናችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ ረዳቱ ነቃ። ቀጥሎ ኢንግላንድ ራሱ ምን እንዳደረገ ገባው። ጨዋታውን አስቁሙ የሚል ምክር ከክፍሉ ተሰማ። ኢንግላንድ ግን ምንም ማድረግ እንደማይችል ደጋግሞ ተናገረ። የድምፅ ቅጂው ከቀናት በኋላ ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው የደነገጠው በዚህ ነው፤ ስህተቱን አውቀው ጨዋታው ሲቀጥል ማየታቸው።

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሰን ለቶተንሃም አገባ።

ካወቁ ለምን አላስቆሙትም?

ጨዋታው እንደገና ስለተጀመረ። የእግር ኳስ ህግ አምስተኛው አንቀጽ ከቫር በፊትም እንዲህ ይላል፦ ዳኛው ውሳኔውን መቀየር የሚችለው ጨዋታው እንደገና እስኪጀመር ድረስ ብቻ ነው። ቫርም የታሰረው በዚሁ ገመድ ነው። ቅጣት ምቱ ተመታ፣ በሩ ተዘጋ።

በሩ ተዘግቶም የሚከፈትበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ዳኛው የተሳሳተ ተጫዋች ቀጥቶ ከሆነ፣ ወይም ሳይታይ ያለፈው ነገር ቀይ የሚያሰጥ ድብድብ፣ መትፋት፣ መንከስ ወይም እጅግ ነውረኛ ምልክት ከሆነ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላም ተመልሶ ማየት ይቻላል። በክርን ተማትቶ ኳሱ ከውጪ ስለተወረወረ ብቻ የሚያመልጥ ሰው እንዳይኖር ነው። ጎልና ፍጹም ቅጣት ምት ግን በዚህ ቀዳዳ አያልፉም። እዚያም ቢሆን የሚሰጠው ካርድ ነው፤ ጨዋታው ወደ ኋላ አይጠቀለልም።

"ምን ነበረበት፣ ለአንድ ጊዜ ህጉን ቢጥሱት?" የሚል አይጠፋም። ልቤ ከዚህ ሰው ጋር ነው፣ ጭንቅላቴ ግን አይደለም። ዛሬ ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ከተፈቀደ ነገ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይጠየቃል። በመሐል ሌላኛው ቡድን ጎል ቢያገባስ የትኛውን ነው የምንሰርዘው?

ከዚያ ጨዋታ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የተቀየረው ነገር ህጉ ሳይሆን ንግግሩ ነው። ቫሩ ለሜዳው ዳኛ የመጨረሻውን ቃል ከመናገሩ በፊት የቼኩን ውጤት መጀመሪያ ከረዳቱ ጋር እንዲያረጋግጥ ተደረገ። አንድ ሐረግ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ነው።

ጨዋታው ካልቆመ ግን ምን ያህል ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

ጎል ከገባ ቫር ጥቃቱ እስከተጀመረበት ድረስ ይመለሳል። አጥቂው ቡድን ኳሱን ይዞ ወደ ፊት መገስገስ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ፋውል፣ ማኖ ወይም ኦፍሳይድ ካለ ጎሉ ይሻራል። ከዚያ በፊት ያለው አይቆጠርም። ጥቃቱ የቱ ጋ ተጀመረ የሚለው ራሱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። ቡድኑ ኳሱን ወደ ኋላ መልሶ እንደ አዲስ ካደራጀ አዲስ ጥቃት ነው ይባላል።

ሳጥን ውስጥ የተዘለለ ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ ጨዋታው ቆሞ እንደገና እስኪጀመር ድረስ በሩ ክፍት ነው። በመሐል ኳሱ ወደ ሌላው ጎል ቢሄድስ? ኦገስት 2017 በኔዘርላንድስ ሱፐር ካፕ ፌይኖርድና ቪቴሰ ሲጫወቱ ይኸው ሆነ። የቪቴሰ ተጫዋች በፌይኖርድ ሳጥን ወደቀ፣ ዳኛው አስቀጠለ፤ ፌይኖርድ በመልሶ ማጥቃት ሄዶ አገባ። 2 ለ 0 ሆነ ብለው ሲጨፍሩ ዳኛው ዳኒ ማከሊ ስክሪኑን አየ። ጎሉ ተሰርዞ ፍጹም ቅጣት ምቱ ለቪቴሰ ተሰጠ፣ ገባም። 2 ለ 0 የነበረው 1 ለ 1 ሆነ። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ጥፋቱ ቀድሟል፣ ጨዋታውም በመሐል አልቆመም።

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላስ?

ፊሽካው ብቻውን በሩን አይዘጋም። ሴፕቴምበር 2020 ብራይተን ከማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 2 እያሉ የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ። ቫር ግን ከፊሽካው በፊት የነበረ የኒል ሞፔን ማኖ እያየ ነበር። ዳኛው ስክሪኑን አይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፣ ብሩኖ ፈርናንዴስ አገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ።

ከዚህም የባሰው ኤፕሪል 2018 በጀርመን ማይንዝና ፍራይቡርግ ላይ የሆነው ነው። የእረፍት ፊሽካ ተነፋ፣ የፍራይቡርግ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ገቡ። ቫር ግን ማኖ አግኝቷል። ዳኛው ቪዲዮውን አይቶ ተጫዋቾቹን ከመልበሻ ክፍል አስጠራቸው። ወጥተው ቆሙ፣ ማይንዝ ፍጹም ቅጣት ምቱን መትቶ አገባ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ወደ እረፍት ሄዱ። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ገና አልተጀመረም ነበር፤ ገመዱ አልተበጠሰም።

የኦፍሳይድ መስመሩ በእርግጥ ሚሊ ሜትር መለየት ይችላል?

በተለመደው የቴሌቪዥን ምስል አይችልም። ካሜራው በሰከንድ 50 ምስል ቢያነሳ በሁለት ምስሎች መሐል 0.02 ሰከንድ አለ። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያ ውስጥ 16 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ኳሱ የተነካው በየትኛው ምስል ላይ ነው የሚለው አንድ ቢሳሳት መስመሩ በአንድ ስንዝር ሊዛባ ነው።

ለዚህ ነው በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ከፊል አውቶማቲክ የኦፍሳይድ ቴክኖሎጂ የመጣው። ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ። ኳሱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል፤ ስለዚህ ኳሱ የተመታባት ቅጽበት በግምት አትመረጥም። ውጤቱን ግን አሁንም ሰው ያረጋግጣል።

የመክፈቻው ጨዋታ ገና ሦስተኛ ደቂቃው ላይ ተፈተነ። የኢኳዶሩ ኤነር ቫሌንሲያ ኳታር ላይ አገባ፣ ጎሉ ተሻረ፤ ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ጉዳዩ የኳታሩ በረኛ ወጥቶ መዝለሉ ነበር። በረኛው ከወጣ ኦፍሳይድ የሚለካው ከመስመሩ በሁለተኛ ደረጃ በቀረበው ተከላካይ ነው፤ የቫሌንሲያ የቡድን ጓደኛ የሚካኤል ኢስትራዳ እግር ከእሱ አልፎ ነበር። ዓይን የሚስተው እንዲህ ያለውን ነው።

አሰልጣኝ ወይም አምበል "ይታይልን" ማለት ይችላል?

በቫር አይችልም። ቫር ሁሉንም ነገር አስቀድሞ ስለሚያይ ጥያቄ አያስፈልግም የሚል ነው አስተሳሰቡ። ተጫዋች ዳኛውን ከቦ አራት ማዕዘን እየሳለ ቢጨቀጭቅ ቢጫ ያገኛል። ስክሪኑ ወዳለበት ክልል ዘው ብሎ ቢገባም እንዲሁ።

የቪዲዮ ክፍል መክፈል ለማይችሉ ውድድሮች የተሠራ ሌላ ቀለል ያለ ሥርዓት ግን አለ። እዚያ ላይ ቪዲዮ ዳኛ የለም፤ እያንዳንዱ አሰልጣኝ በጨዋታ ሁለት ጊዜ "ይታይልኝ" ይላል፣ ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። በ2024 ኮሎምቢያ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተሞክሯል።

ለማየት የጊዜ ገደብ አለው?

የለውም። ህጉ ትክክለኛነት ከፍጥነት ይበልጣል ይላል። አንድ ነገር ሦስትና አራት ደቂቃ ከታየ ግን፣ "ግልጽ" የሚለው ቃል የት ሄደ ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

ቫር ከተሳሳተ ጨዋታው ይደገማል?

አይደገምም። ደንቡ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ቴክኖሎጂው ቢበላሽ፣ ቫሩ ቢሳሳት፣ መታየት ያለበት ሳይታይ ቢቀር፣ መታየት የሌለበት ቢታይ እንኳ የጨዋታው ውጤት አይሰረዝም።

የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ የርገን ክሎፕ ያኔ ትክክለኛው ነገር ጨዋታውን መድገም እንደሆነ ተናግሮ ነበር። የዳኞቹ ማኅበር ከባድ የሰው ስህተት መፈጠሩን በዚያው ምሽት አምኗል። ሰንጠረዡ ላይ ግን የተመዘገበው ሜዳ ላይ የሆነው ነው። ጋክፖ ከእረፍት በፊት አቻ አደረገ፣ ጆታ በሁለት ቢጫ ወጣ፣ በ9 ሰው የቀረው ሊቨርፑል እስከ ባከነው ሰዓት ድረስ ተከላከለ። 96ኛው ደቂቃ ላይ ማቲፕ ኳሱን ወደ ራሱ ጎል ላከው። ቶተንሃም 2፣ ሊቨርፑል 1።